የሶሬቲ የላባ ጃኬት

ኑሪ ለቡ መብራት ኃይል ላይ ላውንደሪ ከከፈተ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት መርካቶ ጋቢ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ለእሱ ጨርቅ ሁሉ ጋቢ ነው። ሱፉም ጋቢ፣ መጋረጃውም ጋቢ። እኔ ከጎኑ በረንዳ ላይ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ምስጢር አይይዝም።

ሰኞ ጠዋት ሶሬቲ የምትባል ልጅ አረንጓዴ ጃኬት ይዛ መጣች። የባሌ ልጅ ናት፣ ተራራ ታስጎበኛለች፣ ቤቷ ሀና ማርያም ነው። ጃኬቱ ውስጡ የዳክዬ ላባ ነው። ክብደት የለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው የተነፋ ነገር ይመስል ነበር። ብብቱና አንገቱ ግን ቆሽሿል።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ንጋት ስድስት ሰው ይዤ ሳነቴ እወጣለሁ» አለችው። «ብቻዬን ስመራ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያ ሌሊት በጀሪካን ያለ ውሃ በረዶ ይሆናል። ሌላ ጃኬት የለኝም።»

«ነገ ትወስጂዋለሽ።»

«አይቸኩሉ፣ ረቡዕ ይድረስልኝ። ብቻ ዱቄት ሳሙና አይንካው። ትንሽ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ብዙ ማለቅለቅ። አይጨመቅ።»

«እህቴ፣ ስንት ዓመት ሳጥብ ኖርኩ» አለ ኑሪ። ሰባት ነው። 

ከአንገቱ በታች የተሰፋችው ምልክት በዘጠኝ ቋንቋ አስጠንቅቃለች። ኑሪ የሚያነበው አሥረኛውን ነው።

ማክሰኞ ዱቄት ሳሙናውን በጣሳ ጨመረ፤ ብብቱ ቆሻሻ ስለሆነ አንድ ጣሳ ደገመ። ከማሽኑ ሲወጣ ጃኬቱ ውሃ ተሸክሞ ከብዷል። ኑሪ አንዱን እጅጌ ያዘ፣ ሌላውን ለሚስቱ ለሀኒፋ ሰጣት። እሱ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ ጠመዘዙት። የጋቢ አጨማመቅ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ለጋቢ።

«ኑሪ፣ ልጅቷ አይጨመቅ አላለችም?» አለች ሀኒፋ እየጠመዘዘች።

«አይጨመቅ ያለችው በማሽን ነው።»

ሰው ሲተረጉም ሁልጊዜ ለራሱ እንደሚመቸው ነው። ከዚያ በእጅጌዎቹ ገመድ ላይ ሰቀሉት።

ረቡዕ ጠዋት ኑሪ ጃኬቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ በረንዳዬ መጣ። ትከሻው ባዶ ጨርቅ ሆኗል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ላባው ሁሉ ወርዶ በየስፌቱ ሥር ተጓጉሏል። የተፈለፈለ ባቄላ በከረጢት የያዘ ይመስላል።

«ጋሽ ላቀው፣ ላባው ሞቷል» አለ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«አይቀልዱ። ስፌቱን በመቀስ ይክፈቱልኝ። ይሄን አውጥተን ጥሩ ጥጥ እንሙላበት። ማን ያውቃል?»

«ሳነቴ ታውቃለች» አልኩት።

መቀሱን አላነሳሁም። አንዱን ጓል በጣቶቼ ያዝኩት። ላዩ ደረቅ ነው፣ ልቡ ግን ቀዝቃዛና እርጥብ። አሸተትኩት፤ የረጠበ ዶሮ ይሸታል።

«ዶሮ ዝናብ ሲመታት አይጥ ታክላለች» አልኩት። «ስትደርቅ ተመልሳ ዶሮ ናት። ይሄም አልሞተም፣ አልደረቀም። እስቲ ውሃ አምጣ።»

ሀኒፋ በሳህን ውሃ ይዛ መጣችና ጫፉን ነክራ በቀስታ ጫን ጫን አደረገችው። ውሃው አረፋ አወጣ። የኑሪ ሁለት ጣሳ ሳሙና ገና እዚያው ነበር። ሳሙና የያዘ ላባ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አይነፋም።

ከዚያ ሀኒፋ ሥራውን ያዘች። ዚፑን ዘጋች፣ ያለ ሳሙና በለስላሳው ዙር አለቀለቀችው። ደገመችው። አረፋው እስኪጠፋ ሦስተኛ አለቀለቀች። በማሽኑ ውሃውን በዝግታ አስወጥታ፣ ከሥሩ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ደግፋ አነሳችው። ኑሪ ሊያግዛት እጅጌውን ያዘ። አየችው። ለቀቀ።

«ማድረቂያው ውስጥ የሚመታው ነገር ይፈልጋል፣ የቴኒስ ኳስ» አለች። «ሆቴል ላውንደሪ ስሠራ አይቻለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ኑሪ ሄዶ ከአሮጌ የስፖርት ዕቃ ሻጭ ሦስት ኳስ ይዞ መጣ። ቀለማቸው እንዳይለቅ ሀኒፋ ነጭ ካልሲ አልብሳ ቋጠረቻቸው። ኑሪ ቶሎ ይድረስ ብሎ ሙቀቱን ከፍ ሲያደርግ እጁን መታችው። ላዩ ናይለን ነው፤ ይኮማተራል። ዝቅተኛው ላይ መለሰችው። አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። በየግማሽ ሰዓቱ ታወጣዋለች፣ ጓሉን በጣቷ ትበትናለች፣ ትመልሳለች።

አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የሰፈራችን ስም መብራት ኃይል ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ተስፈኛ ነበር።

ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ጃኬቱን ዘርግተን እያንዳንዱን ጓል በሁለት ጣት እየያዝን፣ ሳንቀድ ሳንስብ፣ እንበትን ጀመር። ምስር ለቀማ ነው የሚመስለው። ኑሪ ትዕግሥቱ በሩብ ሰዓት አለቀ።

«ፍራሽ በዱላ ይመታ የለ፤ ለምን አንመታውም?»

«መጀመሪያ አንተን እንሞክር» አለች ሀኒፋ።

ሶሬቲ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። በሩ ላይ ቆማ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጃኬቷን ሲቆነጥጡ አየች።

«ምን እየሆነ ነው?»

«ተጨማሪ እንክብካቤ ነው» አለ ኑሪ።

ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ጨምቀውታል?»

ኑሪ አየኝ። ሰባት ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ ሻይ ሲያፈላ ይልክልኛል።

«እንደ ጋቢ» አለች ሀኒፋ፣ ከእኔ ቀድማ።

ሶሬቲ ቦርሳዋን አስቀምጣ ጃኬቱን አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ጨለማ ጨለማ የሆነው ሁሉ ጓል ነው። ቆጠረችው አልልም፣ ግን ረጅም ጊዜ አየችው። ሽፋኑ አልተቀደደም። ስፌቱ አልተፈታም።

«መቀስ አላስነካችሁትም» አለች።

«ሐሳቡ ነበር» አልኳት።

ኑሪ ሳል መጣበት።

«ጋሼ፣ ካልደረቀ ነገ ይዤው አልሄድም» አለችው። «ሳልሄድ ከቀረሁ ደግሞ ስድስቱን ሰው ሌላ መሪ ይወስዳቸዋል። እኔ ተቀምጬ አልናደድም፣ እስኪደርቅ እዚሁ ነኝ።» ወንበር ስባ ከእኛ ጋር መቆንጠጥ ያዘች። ጣቷ ፈጣን ነው።

መብራት ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ማሽኑ ዱብ ዱብ ቀጠለ። ኑሪ በመስታወቱ ፊት ቆሞ አረንጓዴው ጨርቅ ሲዞር ያያል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትከሻው መነፋት ጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ እጅጌው። ኑሪ «ደረቀ» አለ። ሶሬቲ ከግራ ክንዱ ሥር ጫን ብላ «አልደረቀም» አለች። እርጥብ ላባ ታጥፎ ቦርሳ ከገባ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይበሰብሳል። መልሰው ከተቱት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አወጣችው። ደረቱን በጡጫዋ ጨብጣ ለቀቀችው። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ተመልሶም ሞላ። ደገመችው። ደግሞም ተነሳ። አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም። በየስፌቱ ጣቷን አሄደች፤ በቀኝ እጅጌው ጫፍ አንዲት ጓል አገኘችና እዚያው ቆማ በተነቻት። ከዚያ ለበሰችው፣ በዚያ ሙቀት፣ ግንባሯን እያላባት።

«ነገ እወጣለሁ» አለች። ከሀኒፋ ጋር ተጨባበጠች፣ እኔን ሳመችኝ። ኑሪን «ጋሼ፣ ጋቢ ካለኝ አመጣልዎታለሁ» አለችው።

አርብ ጠዋት በላውንደሪው በር ላይ አዲስ ጽሑፍ ተለጥፎ አየሁ። «የላባ ጃኬት በልዩ ጥበብ እናጥባለን» ይላል። ከሥሩ ሀኒፋ በእስክርቢቶ ጨምራበታለች፦ «ሀኒፋን ይጠይቁ።»