አንድ ምላጭ ለሁለት

የሺመቤት ኩዌት ውስጥ፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ጓደኛዋ ሲምረት ግን ኩዌት በገባች በሳምንቷ፣ ገና ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማ፣ የሚወሰደው ደም ሳይመረመር፣ ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ሐዋሊ በሚባል ሌላ ሰፈር በየቤቱ እየዞረች ታጸዳ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሲምረት ክፍል ይገናኛሉ።

ኮሮና በመጣበት ዓመት፣ በየካቲት፣ የሁለቱም ትከሻ ከመወልወል ብዛት ተሳስሮ ስለነበር ዋግምት ሊታገሙ ተስማሙ። መጀመሪያ የሺመቤት ሲምረትን በምላጭ በጥታ አገመቻት። ተራው ሲደርሳት ምላጩ ያው መሆኑን አየችና፣

«ሌላ የለም?» አለች።

«ደሜን ተጠየፍሽው እንዴ?» አለች ሲምረት እየሳቀች።

እህትማማች ነን ተባብለው የኖሩ ሰዎች እንዲህ ከተባሉ በኋላ ምን ይመልሳሉ? ይሉኝታ የማያስደርገው ነገር የለም። የሺመቤት ጀርባዋን ሰጠች።

ሦስት ወር ሞላው። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን የሺመቤት ምግብ ጠላች፤ ሽንቷ ሻይ መሰለ፤ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ማዳም ኮሮና ነው ብላ ሁለት ማስክ ደርባ ሐኪም ቤት ላከቻት። ግብፃዊው ሐኪም ደሟን አስመርምሮ፣ የጉበት ቫይረስ መሆኑን፣ በስሙም ሄፓታይተስ ቢ እንደሚባል ነገራት።

«አትፍሪ» አላት። «ካደገ በኋላ የያዘውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያጠፋለታል። ሲወለድ ከእናቱ ወይም በሕፃንነቱ የያዘው ግን አብሮት ይኖራል። ምንም አያመውም። ጉበቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ጠባሳ ያበጃል፤ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። ሰሞኑን ደም የተነካካሽው ሰው ካለ ይመርመር። ክትትል አለው፤ መድኃኒትም አለው።»

ሲምረት በየቀኑ ትደውልላት ነበር። «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላይሽ በርራ ነው» እያለች ታሾፍባታለች። የሺመቤት በእያንዳንዱ ስልክ ልትነግራት ትጀምርና ወሬውን ትቀይራለች። ቫይረሱ አብሮት የሚኖር ሰው ወደ አገር ይባረራል ሲባል ሰምታለች፤ ሲምረት ደግሞ ወረቀት የላትም፤ አገር ቤት ከእናቷ ጋር የተወችው ልጅ አለቻት። ይህ አንዱ ሰበብ ነው። ሌላው፣ «ደምሽ ነው ያመመኝ» ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት።

በስድስተኛው ወር የሺመቤት ደግማ ተመረመረች። ቫይረሱ ጠፍቷል፤ ሰውነቷ መከላከያውን አበጅቷል። ደስ አላት፤ ደስታዋም አሞኛት። ዓይኔ ቢጫ የሆነው እኔ ከዳንኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ራሴን ያላለችው ሲምረት ምን ትሆናለች ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሐኪሙ የነገራት ግን ተቃራኒውን ነበር።

ሲምረት ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ ስትጠርግ፣ ምንጣፍ ስታጥብ ከረመች። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ክረምት ላይ ክንዷ ሰልሎ ሆዷ ተነፋ፤ እግሯም አበጠ። ጎረቤቶቿ አርግዛ ነው ብለው አሟት። ደም ስታስታውክ ነው ሆስፒታል የገባችው። ጉበቷ ጠባሳ ብቻ ሆኗል፤ በላዩም ትልቅ ዕጢ በቅሎበት ደም ሥሩ ውስጥ ገብቷል። ቫይረሱ ከልጅነቷ ሳይሆን አይቀርም፣ ሠላሳ ዓመት ያህል አብሯት ኖሯል አሏት።

ልትጠይቃት የመጣችው የሺመቤት ከክፍሉ ውጭ አንዷን ነርስ ይዛ ጠየቀች፤ «ከሁለት ዓመት በፊት ቢታወቅስ ኖሮ?»

«ጠባሳው ያኔም ሳይኖር አይቀርም» አለቻት ነርሷ። «ግን በቀን አንድ ክኒን ትወስድ ነበር፤ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ትታይ ነበር። ዕጢው ቢመጣ እንኳ ትንሽ ሆኖ ሊደረስበት ይችል ነበር።»

ስትመለስ ሲምረት ቢጫ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቃታለች።

«የሺ፣ ያኔ ያመመሽ ከእኔ ደም ነው አይደል? ይቅር በይኝ።»

ይህን ይቅርታ መቀበል የሺመቤትን ከመሞት ከበዳት። ወንበሩ ላይ መቀመጥ እንኳ አፍራ ቆመች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ሐኪሙ ያን ጊዜውኑ ነግሮኛል። ያባርሩሻል ብዬ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ፣ እኔ ስድን አንቺም ደህና መሰልሽኝ።»

ሲምረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሺመቤት ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ብላ ተመኘች። ሲምረት ሳትዞር ተናገረች።

«ልጄ ስትወለድ ይዟት ይሆናል። ለእናቴ ደውዪና ታስመርምራት። ለእሷ እንኳ አትዘግዪ።»

የሺመቤት ስልኳን አውጥታ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆማ ደወለች።