ሰባት ባዶ ገጽ

ሥራነሽ ፋይሉን ስትከፍተው መጀመሪያ የወቀሰችው ኮምፒውተሩን ነበር። ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። ገጽ አንድ ነጭ ነው። ገጽ ሁለትም ነጭ ነው። እስከ ገጽ ሰባት ወረደች፤ ሰባቱም ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ናቸው። የፋይሉ ስም ግን ምንም አልጎደለውም፦ «የአቦ ጉልት ወረዳ የበረዶ ጉዳት ሪፖርት የመጨረሻ የተስተካከለ»። ስሙ ረጅም፣ ሆዱ ባዶ።

ደሟ ፈላ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጣለው በረዶ ሰባት ወረዳ ውስጥ ጤፉንና ስንዴውን ከመሬት ጋር አጣብቆታል። ለተጎዱት ገበሬዎች የሽምብራ ዘር ሊሰጥ ተወስኗል። ሽምብራ ደግሞ ዋልካው መሬት እርጥበቱን ሳይጨርስ ካልተዘራ አይሆንም፤ መስከረም ካለቀ በኋላ ዘር ማደል ለቆሎ ማደል ነው። ዘሩን የሚያከፋፍሉት ባሕር ዳር ያሉት ናቸው፤ የሚያከፋፍሉትም እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ስማቸው ለደረሳቸው ብቻ ነው። ሥራነሽ ማርቆስ ከተማ በሚገኘው የዞን መሥሪያ ቤት የሰባቱን ወረዳ ዝርዝር ሰብስባ ታጠቃልላለች። ስድስቱ ገብተዋል። ቀኑ ሐሙስ ነው።

ለአቦ ጉልቱ ባለሙያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰላም ዓለምነው። ትናንት ያያዝከው ሪፖርት ደርሶኛል፤ ግን ሰባቱም ገጽ ባዶ ነው። ነገ ዓርብ እስከ 9፡00 ክልል መግባት ስላለበት እባክህ ዛሬውኑ ደግመህ ላክልኝ። ሥራነሽ።»

ልትልከው ስትል አቶ ሙላት ከኋላዋ ቆመው አነበቡት። አቶ ሙላት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ግልባጩስ?» አሏት።

«የምን ግልባጭ?»

«ለወረዳው አስተዳዳሪ፣ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊው፣ ለዞን አስተዳደር። ይታወቅ እንጂ።»

በዚህ አገር መሥሪያ ቤት ግልባጭ ማለት ለአንድ ሰው የተጻፈውን አለቃውና የአለቃው አለቃ እንዲያዩት ከግርጌ የሚደረደር ስም ነው። መልእክቱ ሁለት መስመር፣ ግልባጩ ስድስት መስመር የሆነ ደብዳቤ ሥራነሽ በዓይኗ አይታለች። አምና ሁለት ቀን የዘገየ አንድ ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎበት፣ ግምገማ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ ጥፋቱን ሲናዘዝ ውሏል። ስብሰባው ሲያልቅ ጥፋቱ ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

«ባዶ ሆነ ነው እኮ ያልኩት፤ ሰረቀ አላልኩም» አለች።

«እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አቶ ሙላት «አንቺው ታውቂያለሽ» ካሉ ነገሩን ቀኑን ጠብቀው ያነሡታል።

ያለ ግልባጭ ላከችው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መልስ የለም። ስልክ መታች።

«ደረሰሽ አይደል?» አለ ዓለምነው፣ ገና ሃሎ ሳትል።

«ባዶ ነው።»

«ምኑ?»

«ሪፖርቱ! ጽፌልሃለሁ እኮ፣ አላየኸውም?»

«ኢሜይሉ ያለው ጸሐፊያችን ፀደንያ ጋ ነው። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ዛሬ ደግሞ ለቅሶ ሄዳለች።»

«ታዲያ ለቅሶው ያልቃል ወይስ ሰልስትም ልጠብቅ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ አሥራ አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ነው የከረምኩ! የአራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ማሳ በእግሬ ረግጫለሁ። አንድ ሰው አልጎደለም!»

«እኔ መቼ አልረገጥክም አልኩህ? ባዶ ነው ነው ያልኩህ።»

«ማሽኑ ተልኳል ብሏል!»

«ተልኳላ! ባዶ ወረቀት ተልኳል!»

ማን ቀድሞ እንደ ዘጋው ኋላም አልተስማሙበትም።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሪፖርቱ እንደገና ገባ። ከሥሩ «በድጋሚ ተልኳል፤ እባክሽ በደንብ እዪው» የሚል ተጽፎበታል። ሥራነሽ በደንብ አየችው። ሰባት ነጭ ገጽ።

«በደንብ እዪው» የሚለውን ለራሷ ደግማ አነበበችና ኪቦርዱን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። ከፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ወንጌላዊት ብርጭቆዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«አሁንም ባዶ?»

«አሁንም። ደግሞ እኔን ዕውር አድርጎኛል።»

አቶ ሙላት ባለፉበት ጆሯቸውን ጥለው ነበር። «አየሽ?» አሉ፤ ደስ ያላቸው ሰው ይመስሉ ነበር። «ይኼ ንቀት ነው። ባለፈው በሰርኩላር ምን አልን? ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ በስካን ተነሥቶ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምን ጠየቅን? በይ ወረዳውን ሰርዢና ደብዳቤ አዘጋጂ። ከነግልባጩ።»

«ገና አምስት ሰዓት አልሞላም እኮ፣ አቶ ሙላት።»

«ዓርብ ነው።»

ይህም እውነት ነው። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አምስት ተኩል ይወጣና ሰባት ተኩል ይመለሳል። ተመለሰ ከተባለ ማለት ነው።

አምስት ተኩል ላይ ክፍሉ ወና ሆነ። ሥራነሽ ግን አልተነሣችም፤ ሰው ሲናደድ ምሳ አይወርድም። ደብዳቤውን ልትጽፍ ከፈተች፤ «ጉዳዩ፦ ሪፖርት አለማቅረብን ይመለከታል» ላይ ቆመች። ሰውየውማ አቅርቧል። ሁለት ጊዜ አቅርቧል። ችግሩ ያቀረበው ነገር የማይታይ መሆኑ ነው።

ባዶውን ፋይል መልሳ ከፈተችው። በንዴት ማጉያውን ደጋግማ ጫነችና ነጩን በነጩ ላይ ቁልቁል ነዳችው። ሰባተኛው ገጽ ግርጌ ስትደርስ እጇ ቆመ።

አንድ ነገር አለ። ክብ ነው። እንደ ነተበ የሻይ ብርጭቆ ምልክት የደበዘዘ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ፊደል አለበት፤ ግን አይነበብም፤ ፊደሎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል።

ከጠረጴዛዋ ላይ ማኅተም ያረፈበት አንድ የድሮ ደብዳቤ አነሣችና ገለበጠችው። ከጀርባው ማኅተሙ ሰርጎ፣ ደብዝዞ፣ ተገላቢጦሽ ይታያል። ጽሑፉ ግን የለም፤ የማተሚያው ቀለም ወረቀት አያልፍም። የማኅተም ቀለም ግን ያልፋል፤ የአቦ ጉልት ሰዎች እንደሚመቱት ከተመታማ ጠረጴዛም ያልፋል።

ስልኳን አነሣች።

«ዓለምነው፣ ፀደንያ አጠገብህ አለች?»

«አለች። ምሳ ሳንበላ ስድብሽን እየጠበቅን ነው።»

«ስጣት።»

«አቤት፣ እትዬ» አለች ፀደንያ። ድምጿ ከወዲሁ ሊያለቅስ ተዘጋጅቷል።

«ወረቀቱን ስካን ስታደርጊ እንዴት ነው የምታስገቢው?»

«ፊቱን ወደ ታች፣ እትዬ። እንደ ሁልጊዜው። መስታወቱ ላይ ፊቱን ወደ ታች ነው እኮ የሚተኛው።»

«አሁንም መስታወቱ ላይ ነው የምታስተኚው?»

«አይ፤ አሁንማ አዲስ ማሽን መጥቶልናል። ከላይ ደርድረሽ ስታስገቢለት አንድ በአንድ እየሳበ ይጨርሰዋል።»

ሥራነሽ ዓይኗን ጨፈነች። «ፀደንያ፣ ያ ከላይ የሚስበው የሚያነበው ወደ ላይ ያየውን ነው። አንቺ ጀርባውን ነው ያስነበብሽው። ሁለት ጊዜ ንጹሕ ጀርባ ልካችሁልኛል።»

ቀጥሎ የዓለምነው ድምፅ መጣ፤ ለሥራነሽ ግን አልነበረም። «ከመላክሽ በፊት ከፍተሽ አላየሽውም?»

«ተልኳል አለኛ!»

«አሁን አትጣሉ፤ ሰኞ ትጣላላችሁ» ብላ ጮኸች ሥራነሽ። «ወረቀቱን ገልብጡት። ከመላካችሁ በፊት ክፈቱት። ስም ካያችሁ ላኩት።»

ኔትወርኩ ሰባቱን ገጽ ይዞ እንደ ጫነ አህያ ዳገት ወጣ። ስምንት ሰዓት ካርባ ላይ ገባ። ሥራነሽ ከፈተችው፤ ስም በስም ተደርድሯል። ወልደ ሰንበት እገሌ፣ ስንዴ፣ ሦስት ጥማድ። ወለተ ሐዋርያት እገሊት፣ ጤፍ፣ ሁለት ጥማድ። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ማኅተሙ በፊቱ ቆሞ ያፈጣል።

አትማ ወደ አቶ ሙላት ክፍል ሮጠች።

«ገባ! ሃያ ደቂቃ አለን።»

አቶ ሙላት ከምሳ ተመልሰው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ነበር። «ዝርዝሩማ ሄዷል» አሉ።

«የቱ ዝርዝር?»

«የወረዳዎቹ ነዋ። ምሳ ልወጣ ስል ላክሁት። ስድስት ወረዳ። ጣጣው ይለቀን ብዬ።»

«ቀነ ገደቡ ዘጠኝ ሰዓት ነው!»

«አልመጣማ። ሰኞ በደብዳቤ እንጠይቅላቸዋለን።»

«በደብዳቤ! ሰኞ ደብዳቤው ይጻፋል፣ ረቡዕ ይፈረማል፣ በሚቀጥለው ሳምንት መዝገብ ቤት ይገባል። ዋልካው እርስዎን ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«ዝቅ አድርጌ ሁለት ቀን ተናግሬያለሁ!» አለች። ወንጌላዊት በሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ መልሳ ሰወረችው።

ሥራነሽ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ለባሕር ዳሩ ባለሙያ ለአካለ ወልድ ጻፈች፦

«ሰላም። ከሰዓት በፊት ከኛ የደረሳችሁ ዝርዝር አንድ ወረዳ፣ ማለትም 412 አባወራ፣ ሳይካተት ቀነ ገደቡ ሳይደርስ የተላከ ነው። ሙሉው ተያይዟል፤ እባክዎ በዚህ ይተኩልን። ሥራነሽ።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከግርጌ ጨመረች፦ «ግልባጭ፦ ለአቶ ሙላት፤ ለዞን አስተዳደር።»

ከመላኳ በፊት የተያያዘውን ከፈተች። ሰባቱንም ወረዳ አየች። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ ላከችው።

አቶ ሙላት ከክፍላቸው ሲወጡ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «በእኔ ላይ ግልባጭ?» አሉ። «በገዛ አለቃሽ ላይ?»

«ይታወቅ ብዬ ነው» አለች ሥራነሽ።

በሩን ወርውረው ዘጉት፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዓመቱ ዕቅድ ወደቀ። ያነሣው የለም።

ዘጠኝ ከአምስት ላይ ከባሕር ዳር መልስ መጣ፦ «ደርሶናል። ሰባት ወረዳ ተመዝግቧል።» ሥራነሽ ሁለቴ አነበበችው። ንዴቷ ግን እንዳለ ነበር፤ ለሰኞም የሚተርፍ ነው፤ ሰኞ ደግሞ አቶ ሙላት የራሳቸውን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለች።

ስልኳ ጮኸ። ዓለምነው ነው።

«ገባ?»

«ገብቷል። ዘሩ ይመጣላችኋል።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «ስለ ትናንቱ…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው። ይልቅ ማሽኑ ላይ "ፊቱ ወደ ላይ" ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት።»

«አሁኑኑ እናደርጋለን።»

«ማኅተምም ምቱበት» አለች ሥራነሽ። «ያለ ማኅተም የሚያምን የለም።»