የሰባት ዓመቱ አዲስ ሠራተኛ

የማመልከቻው የመጀመሪያ ረቂቅ አራት ገጽ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውጭ አገር ስማር የለመድኩት ነገር ቢኖር አንድን ብሶት አራት ገጽ ድረስ ማሳደግ ነው። የአጎቴን ያልተከፈለ ደመወዝ ከሥራ ክቡርነት ጀምሬ፣ በሰው ልጅ ታሪክ አሳልፌ፣ አጎቴ ራሱ ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ብቅ እንዲል አድርጌዋለሁ።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮዋ ሴትዮ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

"ማነው የጻፈው?"

"የእህቴ ልጅ ናት" አለ አጎቴ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

"ጎበዝ ናት። ከመቼ እስከ መቼ ነው ያልተከፈለዎት?"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ወረቀቱ ዞርኩ። አራቱም ገጽ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልነበረም።

ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከስ አድርጋ ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ሰጠችን። መቼ ተቀጠሩ፣ ውሉ የተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ያልተወሰነ፣ የወር ደመወዝ ስንት ነው፣ እንዴት ተሰናበቱ፣ የሚጠይቁት ምንድን ነው። "ለብሶት የተተወ መስመር የለንም" አለችኝ። "ጠበበሽ?"

አጎቴ መኪና መንዳት ያስተምራል። ያስተምር ነበር። ከማሠልጠኛው የተሰጠው ደብዳቤ ከሦስቱ መኪኖች አንዱ ስለተሸጠ አንድ አስተማሪ ትርፍ ሆኗል፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል ይላል። ጥርንም የካቲትንም ሙሉ ሠራ። የሁለቱም ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፤ የስንብት ክፍያው ጭራሽ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ያለፈው አንድ ወር ተኩል "ዛሬ ነገ" ነበር። አጎቴ ሰው መጨቅጨቅ አይወድም። ወደዚህ ያባረረችን ሚስቱ ናት። "አከራያችን 'ዛሬ ነገ' የሚባል ወር አታውቅም" ብላ፣ እኔን ደግሞ "አንቺ ምሁር፣ ለአንድ ቀን እንኳ ጥቀሚን" ብላ።

"ደግ አደረጉ አሁን በመምጣትዎ" አለች ሴትዮዋ። "የደመወዝ ጥያቄ ስድስት ወር ካለፈው ይርጋ ይሆናል። ወደ ሥራ መመለስስ ይፈልጋሉ?"

"መኪናው ተሸጧል እኮ። ምን ላይ ልመለስ?"

ቅጹ ላይ "ያልተወሰነ ጊዜ ውል" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፤ የወር ደመወዝ፣ አሥራ ሁለት ሺህ፤ ያልተከፈለበት ጊዜ፣ ከጥር አንድ እስከ የካቲት ሠላሳ። የአገልግሎት ዘመን የሚለው ላይ "ሰባት ዓመት" ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ቅጹን ስትቀበለው ስሙን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ጋሽ ፍሬን! እርስዎ ነዎት እንዴ?"

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ነው። የማሠልጠኛ መኪና ከአስተማሪው እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለው፤ አጎቴ እግሩን ከዚያ ላይ አንሥቶ አያውቅም ይባላል። ሴትዮዋን ያስተማራት ካቻምና ነው። እንግዲያው ፋይሉን መያዝ አልችልም አለች፤ ነገ የማሠልጠኛው ባለቤት "አድልታለች" ትላለች። ጎኗ ያለው ሰውዬ አንገቱን ሳያነሣ እጁን አወጣ። እሱ ደግሞ ያምና ተማሪ ነው።

"የማይነዳ አስማሚ አንድ ብቻ አለን" አለች። "ኮሪደሩ መጨረሻ። በአውቶቡስ ነው የሚመጣው።"

ቀጠሮው ለሳምንት ተያዘ፤ ለአሠሪዋም መጥሪያ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን አስማሚው ቀጭን፣ ጸጥ ያለ ሰው ሆኖ አገኘነው። ሁሉን ነገር በእርሳስ ይጽፋል፣ ከዚያ በብዕር ይደግመዋል። የማሠልጠኛው ባለቤት ወጣት ናት፤ ሥራውን ከአባቷ የወረሰችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከአጎቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አላየችውም። አጎቴ ግን ቁልፏን አየው። ምን እንዳየበት እንጃ።

"የሁለቱን ወር ደመወዝ አልክድም" አለች ለአስማሚው። "መኪናውን የገዛው ሰው ግማሹን አልከፈለኝም። ሲከፍለኝ እከፍላለሁ።"

"የመኪናው ገዢ የእሳቸው አሠሪ አይደለም" አለ አስማሚው። "ሃያ አራት ሺህ። እሺ፤ ስንብቱስ?"

"እሱንም እከፍላለሁ። የሦስት ዓመት። ውሉ ያው።"

ውሉን አወጣች። እውነትም ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ አባቷ ሲሞቱ ሁሉንም አስተማሪ አስፈርማ ነበር። አስማሚው አነበበና ረጋ ብሎ አስረዳ። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ቢተላለፍ አገልግሎት አይቋረጥም። ስለዚህ ጥያቄው አዲሱ ውል መቼ ተፈረመ ሳይሆን ሰውየው ከመቼ ጀምሮ ሠራ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶ ሲሶ ይጨመራል። ሦስት ዓመት ከሆነ ሃያ ሺህ፤ ሰባት ከሆነ ሠላሳ ስድስት ሺህ።

"ሠራተኛው ከእኔ በፊት ቋሚ አልነበረም" አለች። "አባቴ አንዳንድ ጊዜ፣ ሰው ሲጎድል ይጠራው ነበር።"

አስማሚው ያለችውን በእርሳስ ጻፈ።

"የአባትዎ የደመወዝ መዝገብስ?"

"ቢሮ ስንቀይር ጠፋ።"

"መዝገብ መያዝ የአሠሪ ግዴታ ነው። መጥፋቱ ለእርስዎ አይጠቅምም" አለ አስማሚው፤ ቀጥሎም ወደ እኛ ዞረ። "ግን እኔ ዳኛ አይደለሁም። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ምስክር ትቆጥራላችሁ። ጊዜ ይወስዳል።"

ጊዜ የሚለውን ቃል ሲሰማ አጎቴ ሲያንስ አየሁት። ቤት ውስጥ ያለውን ስሌት አውቃለሁ፤ የሁለት ወር ኪራይ ውዝፍ አለ፣ አከራይዋም ደረጃው ላይ ወንበር አውጥታ መቀመጥ ጀምራለች።

"ሦስትም ቢሆን..." አለ አጎቴ።

ከጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት።

"ምን ትረግጪኛለሽ? እግሬ ነው እኮ!"

አስማሚው ያልሰማ መሰለ። እርሳሱን ቀርጾ ወደ ባለቤቷ ዞረ። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከአስተማሪዎቹ ሁሉ እሳቸው ለምን ተመረጡ?"

"አዲሱ እሱ ነው" አለች። "ደግሞም ቀርፋፋ ነው። ተማሪ የኋላ ማርሽ ላይ ያስቀምጥና አለቀ። ሠላሳ ሰዓት ያስኬደዋል።"

"ሠላሳ ሰዓት ብዙ ነው? አልነዳም እኔ።"

አንድ ሰው መንዳት አላውቅም ሲል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ዝም ማለት አይችልም። ባለቤቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

"ብዙ ነው ወይ? ሌላው አስተማሪ በስምንት ሰዓት ይጨርሰዋል! ይኸውልዎት፣ ሁለት በርሜል ያቆማል፤ በመሃላቸው ወደ ኋላ ግቢ ይልሻል። ገባሁ ስትይው 'በስፖኪዮ ብቻ' ይላል፣ በጎን መስታወቱ ማለቱ ነው። በስፖኪዮ ስትገቢ 'አሁን ደግሞ በቀኝ'። እኔን ራሴን ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በየጠዋቱ! አባቴ እንኳ መስኮት ላይ ቆሞ 'ኧረ ልጄን ልቀቃት' ይለው ነበር።"

"ሰባት ሳምንት ነው" አለ አጎቴ ቀስ ብሎ። "ስድስተኛው ላይ በርሜሉን ገጨሽው።"

"አልገጨሁም! ነካ ነው ያደረግኩት!"

"በርሜሉ እስካሁን ጎባጣ ነው።"

"ጋሼ፣ በርሜሉ ከመጀመሪያውም ጎባጣ ነበር፤ አንተ ነህ ያን ቀን..."

ቆመች። "ሠራተኛው" የነበረው ሰው "ጋሼ" እንደሆነባት የሰማች መሰለኝ። አስማሚው እርሳሱን አስቀምጦ ብዕሩን አንሥቷል።

"ይህ መቼ ነበር?" አለ።

ቁልፏን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ኮሪደሩ ላይ ማኅተም የሚመታ ሰው ይሰማል።

"መንጃ ፈቃድዎ ላይ የተሰጠበት ቀን ይኖራል" አለ አስማሚው። "ማሳየት ግዴታ የለብዎትም። ፍርድ ቤት ከሄደ ግን ይህንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ይጠይቅዎታል።"

ቦርሳዋን ለረጅም ጊዜ ፈተሸች። የሚፈልገውን ሳይሆን የማይፈልገውን ነገር የሚፈልግ ሰው እንዲያ ይፈትሻል። በመጨረሻ አወጣችውና ራሷ አነበበችው። ከሰባት ዓመት ከአንድ ወር በፊት።

"ሰው ሲጎድል ብቻ ይጠሩ የነበሩ ሰው ሰባት ሳምንት በየጠዋቱ?"

"ያኔ..." አለች፤ ትከሻዋ ወረደ። "ያኔ ሌላ አስተማሪ አልነበረንም። እሱና አባቴ ብቻ ነበሩ።" ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ የተናደደም የተገላገለም ሰው ሳቅ። "ራሴን ራሴ ገጨሁ አይደል?"

"ነካ ነው ያደረግሽው" አለ አጎቴ።

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሁሉ ስለ ባለሀብት ክፋት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ለማን እንደምናገረው ጠፋኝ።

አስማሚው ቃለ ጉባኤውን ጻፈ፤ በእርሳስ፣ ከዚያ በብዕር። የአገልግሎት ዘመን ሰባት ዓመት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ከጥር አንድ እስከ የካቲት ሠላሳ፣ ሃያ አራት ሺህ፣ አርብ ይከፈላል። የስንብት ክፍያ ሠላሳ ስድስት ሺህ። ባለቤቷ ለዚህኛው ሠላሳ ቀን ለመነች፤ አጎቴ እሺ አለ። እኔ ልቃወም ስል በተራው ሊረግጠኝ እንደሆነ አይቼ እግሬን ሰበሰብኩ። የሥራ ልምድ ማስረጃም ሰባት ዓመት ተብሎ ይሰጠዋል። በቀኑ ካልተከፈለ ይህን የተፈራረሙበትን ወረቀት ይዞ ለማስፈጸም ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል አስማሚው ሁለት ጊዜ ነገረን፤ አንዴ ለአጎቴ፣ አንዴ፣ ይበልጥ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ።

ባለቤቷ ፈርማ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

"ጋሼ፣ ጥር ላይ ለምን አልጮህክብኝም?"

"ብጮህ ትከፍይኝ ነበር?"

አሰበችበት። "አልከፍልም ነበር" አለች፤ ወጣች።

ደረጃው ላይ አጎቴ ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ። ድምፅ ማጉያው ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ የመንገዱ ሰው ሁሉ አብሮን ያዳምጣል።

"ሰባት ተባለ" አላት።

"ሰባት ምን? ሰባት ሺህ?"

"ሰባት ዓመት!"

"እኔ ዓመት ጠየቅኩህ? ገንዘቡስ?"

"ደመወዙ አርብ። ስንብቱ በሠላሳ ቀን።"

ወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"እሷ እዚሁ ደረጃው ላይ ናት። ምን ልበላት?"

አጎቴ ዙሪያውን አየ፤ እሱም አከራይዋ የምትሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አርብ በያት። የሠላሳ ቀኑን እንዳትነግሪያት።"