በጆሮ ጌጥ የወጣው ሲም

ሲሟን የፈለቀቀችው በእናቷ ጆሮ ጌጥ ነው! ይታያችሁ፣ ሰው አገር ባቡር ጣቢያ፣ እናት አንድ ጆሮዋ ባዶ ሆኖ ቆማ፣ ልጅ በጌጡ ጫፍ ስልክ ስትወጋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ «ኢንጂነር» የሚላት ልጅ ከእናቷ ጋር ለታላቅ እህቷ ምረቃ ባህር ማዶ ሄደች። ኤርፖርት ላይ የአገሩን ሲም ገዝታ አዲሱን ቁጥር ለእህቷ ላከችና የአገር ቤቱን ሲም ስልኩ ሽፋን ውስጥ ወሸቀችው። ካርታውንም ቤት ሳለች ዳውንሎድ አድርጋው ስለነበር ያለ ኢንተርኔት እየመራች እናቷን ጣቢያ አደረሰቻት። ኩራቷ!

የባቡር ትኬቱን ግን ቤት በኮምፒውተር ገዝታ ስልኳ ላይ አላስቀመጠችውም። በሩ ላይ ትኬቱ ያለበትን አካውንቷን ልትከፍት ስትል «ወደ ስልክዎ የላክነውን ቁጥር ያስገቡ» አላት። የተላከው ደግሞ ወደ አገር ቤቱ ሲም!

«አስቀምጪው ስልሽ ‹ኢንተርኔት አለ አይደል› አላልሽም?»

«እማዬ፣ በናትሽ አሁን አትነዝንዢኝ! ይልቅ ጆሮ ጌጥሽን ስጪኝ።»

በጌጡ የአገሩን ሲም አውጥታ የድሮውን መለሰችው። «አገልግሎት የለም» ይላል። ለካ ከመነሳቷ በፊት ሲሙን ውጭ አገር የሚያሠራውን ሮሚንግ አላስከፈተችም! ተቆጣጣሪው «ትኬቱን ካላየሁ አላሳልፍም» ብሎ ድርቅ። ሌላ እንዳይገዙ ወንበሩ ተሸጦ አልቋል። ባቡሩ ዓይናቸው እያየ ውልቅ አለ። ቀጣዩ የሚደርሰው ምረቃው ካለቀ በኋላ ነው።

እናት ጌጧን እያጠለቀች፣ «ጎሽ፣ የኔ ኢንጂነር» አለች። አቤት ሲያንጨረጭር!

የአገሩን ሲም መልሳ እንደከተተች ስልኩ ጮኸ። እህቷ ናት።

«ባቡሩ ላይ ናችሁ አይደል? ከፊት ወንበር ይዤላችኋለሁ!»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?