ያልተከፈተው ማጣበቂያ

ተድላ ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመረ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራው ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰው የለም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊት «ማጣበቂያ» የሚሉትን ዱቄት በከረጢት በከረጢት ሲከምሩበት ምን ይሰማዋል? ንቀት ነው የተሰማው፣ ንቀት!

ያመጣው ደግሞ ወንዲ ነው። ሙያውን ከእሱ የተማረው ወንዲ ዛሬ ተቋራጭ ሆኖ ሰበታ ላይ የሳሊሃን አዲስ ቤት ይዟል። ሳሊሃ ዓለም ገና ከተማ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ በቀላሉ የማትሸወድ ነጋዴ ናት። ወንዲ ለሳሎኑ ወጣት ባለሙያ አጥቶ አይደለም፤ ሥራ ካጣ ዓመት ያለፈውን ተድላን ቡራዩ ድረስ ሄዶ ለምኖ ነው ያመጣው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፖርስሊን የሚሉት ነው፣ ስድሳ በስድሳ» አለው። «ጀርባው ውሃ አይመጥም። በሲሚንቶ ከሠሩት አይያዝልዎትም። አደራ፣ በማጣበቂያው ያድርጉት።»

«አሁን አንተ እኔን ልታስተምር ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ማን ነኝና» ብሎ ሳቀና ሌላ ሥራ ወደያዘበት ወደ ሱሉልታ ሄደ።

ተድላ ከረጢቶቹን ወጥ ቤት ጥግ ደረደራቸውና ሲሚንቶውን በጠበጠ። ሐቁን እንናገር ካልን፣ ላይ ላዩን የሠራው ሥራ እጅ በአፍ ያስጭናል። ወር የደረቀውን ሊሾ በረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ እየፈተሸ ጉብ ያለውን ፈገፈገ፣ የጎደጎደውን ሞላ። ከመሀል ክር ወጥሮ ተነሣ። በየመገናኛው ሦስት ሚሊ የፕላስቲክ መስቀል አስገባ፣ በግድግዳው ዙሪያ የግርጌ ንጣፉ፣ ዞኮሎው፣ የሚሸፍነው ክፍተት ተወ። እያንዳንዱን በጎማ መዶሻ እየመታ ውሃ ልኩን ሲያስቀምጥበት አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ!

በአምስተኛው ቀን ወንዲና ሳሊሃ አብረው መጡ። «ማሻ አላህ!» አለች ሳሊሃ፤ «ይሄ ወለል ነው መስታወት?» ተድላ ደረቱ ተነፋ።

ወንዲ ግን መገጣጠሚያው ከመሞላቱ በፊት ልፈትሽ ብሎ ተንበረከከና በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገ። ከሥሩ ባዶ እንደሆነ ነገር ኮፍ ኮፍ አለ። ሌላኛውም ኮፍ። ጠርዙን በመፋቂያ ብድግ ሲያደርገው ሴራሚኩ እንዳለ ተነሣ። ሲሚንቶው ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ የሴራሚኩ ጀርባ ታጥቦ የተገለበጠ ሳህን መስሏል።

ሳሊሃ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ስትል ከረጢቶቹን አየች፤ አንዱም አልተከፈተም። «ለማጣበቂያ ብዬ ከፍያለሁ። ማን ነው በሲሚንቶ ሥሩት ያለው?»

ተድላ ዓይኑን ከከረጢቶቹ አሸሸ። እኔ ነኝ ካለ፣ በዚህ ዕድሜው ከእንግዲህ ማን ያሠራዋል? ወንዲ ቀና ብሎ አየው። ጠበቀው። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ። «እሳቸው የታዘዙትን ነው የሠሩት።»

«ሌባ! ዱቄቱን ልትሸጠው ነበራ!» ቤቱን በጩኸት ሞላችው። «ወላሂ ሁለተኛ ግቢዬን እንዳትረግጥ! ልትሠራው የነበረውን የእህቴንም ቤት እርሳው!» ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ተድላ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ። አንሥተው በደንብ ይሥሩልኝ።»

ወንዲ ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለ። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። ተድላ ጎንበስ ብሎ የወጠረውን ክር ያስተካክል ጀመር። ምን ዓይነት አንጀት ነው?

ሴራሚኩን ማንሣትና ሲሚንቶውን መፋቅ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ከረጢት ቀደደ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ የማያውቀው ቋንቋ ነው። ዱቄቱ ላይ ውሃ አፈሰሰበት፣ ጓጎለ። ጨመረበት፣ አጥሚት ሆነ። ሳሊሃ ከበሩ ሆና «ምነው አባባ?» አለችው።

«ምንም፣ ምንም» ብሎ ግቢው ጀርባ ሄዶ ስልኩን አወጣ።

ወንዲ ወዲያው አነሣው። «ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?»

«ይሄ ዱቄት... ውሃው ስንት ነው?»

ወንዲ አስረዳው። «መጀመሪያ ውሃውን ባልዲ ውስጥ፣ ለአንዱ ከረጢት ስድስት ሊትር ተኩል ግድም። ዱቄቱን ቀስ እያሉ እየጨመሩ ያማስሉት። አሥር ደቂቃ አሳርፈው እንደገና ያማስሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ ውሃ እንዳይጨምሩ። ወለሉ ላይ በጥርሳሙ መቀቢያ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሳቡት፣ የሴራሚኩንም ጀርባ ስስ አድርገው ይቀቡት። መሀል መሀል ላይ አንዱን አንሥተው ጀርባው ሙሉ መያዙን ይዩ።»

«እሺ።»

«ሌላስ ጋሼ? የሚሉኝ ነገር አለ?»

ወንዲ ስልኩን አልዘጋም፣ ጠበቀው። ተድላ ትንፋሹን ይሰማዋል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሊል አፉን ከፈተ።

«የለም» አለና ራሱ ዘጋው።