የኋላው በር ካርቶን

«የመጋዘኑ የኋላ መውጫ በካርቶን ስለተዘጋ ይከፈት» ብዬ የኦዲት ሪፖርት ላይ ከጻፍኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዛሬ ነገ እያለ ቀነ ገደቡን ሦስቴ አራዘመ። ዛሬ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የማሳውቅበትን ደብዳቤ ልፈርም ስል ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ተፈጽሟል! መጥተሽ እዪ።»

ደብዳቤውን እንደያዝኩ ሄድኩ። በሩ ወለል ብሏል። ግራ ገባኝ፤ ስምንት ወር ያቃተው በአንድ ጠዋት?

«ካርቶኖቹስ?»

«ሪፖርትሽ እሱን አይጠይቅም» ብሎ ሳቀ።

በጎን መውጫው ልወጣ ስል ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ጠበቀኝ። ጉድ እኮ ነው! ተፈጽሟል ልበል ወይስ አልተፈጸመም? እኔ የፈለግኩት እሳት ቢነሳ ሰው እንዲወጣ ነበር።

ደብዳቤውን እዚያው ካርቶን ላይ አስደግፌ ፈረምኩ።