ከጎታው ሥር የተጠረገው

ልጄ መለሰ ያን ጥራጊ ምን ሊያደርገው ይሆን? እስከ ረፋድ ይህንኑ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄን ከገብሱ ጎታ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። የሦስት ልጆች አባት ሆኖ መጥረጊያ ሲይዝ አይቼው የማላውቅ ሰው አቧራውን፣ ገለባውን፣ የአይጥ ኩሱን እየሰበሰበ በጣሳ ይሞላል።

"ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?"

"ምንም። ቆሽሾ ነው፣ እማዬ።"

ጣሳውን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። ጥራጊ በጋቢ የሚሸፈን ነገር ነው እንዴ? የሚደፋስ ከጓሮው ገደል አልነበር? እሱ ግን ወደ መጋዘኑ ሄደ።

መጋዘኑ ከግቢያችን ውስጥ ነው። ሟቹ ባለቤቴ እህል ይነግድበት የነበረውን የቆርቆሮ ቤት፣ ድርቁ ሲጠና መንግሥት ለእርዳታ ስንዴ ተከራየው፤ ጠባቂውም መለሰ ሆነ። ቁልፉ ከወገቡ አይለይም። ከአጥራችን ውጭ ደግሞ ረሃብ ያፈናቀላቸው ሰዎች አጥሩን ተደግፈው የእደላ ቀን ይጠብቃሉ። ልጆቻቸው ማልቀስ ትተዋል። ጠዋት ጠዋት በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም፤ አንዱ በስሜ ቢጠራኝ ምን እመልስለታለሁ?

ባለፈው ሳምንት የእርዳታ ኮሚቴው ከሁለት ወር በኋላ ስንዴውን እንደገና ሲመዝን አራት ኩንታል ጎደለ። መለሰም "አይጥ ጨረሰው" አለ። በኅዳር ራዲዮው ረሃቡን ደብቀዋል የተባሉትን የንጉሡን ትልልቅ ባለሥልጣናት መገደል ካወራ ወዲህ፣ የእርዳታ እህል ነክቷል የተባለ ሰው እንቅልፍ የለውም። የእሱ እናትማ እንዴት ትተኛ?

ረፋድ ላይ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ካሳ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ነጭ ለባሾች አስከትሎ መጣ። ከጤና ጣቢያው ደግሞ ጀብሪልን ይዞ መጥቷል፤ የወግዲ ልጅ ነው፣ ጎንደር ተምሮ የአካባቢ ጤና ተቆጣጣሪ የሆነ። እናቱን አውቃታለሁ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከመጋዘኑ በር ቆምሁ። ሂጂ ያለኝ የለም።

"እስቲ አይጦችህን አሳየን" አለ ካሳ።

መለሰ ከጆንያዎቹ ኋላ ወደ ጥጉ አመለከተ። ጥቁር ፍርፋሪ ከግድግዳው ሥር ተዘርግቷል፣ በጆንያው ላይም ተነስንሷል። ጣሳው የት እንደ ገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ያ ሁሉ!" አለ ካሳ፤ እሱም ደንግጦ። "ይሄማ የአይጥ ሠራዊት ነው። እውነቱን ይሆናል እኮ።"

ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝ። ጀብሪል ግን ቁጢጥ አለና በስንደዶ አንዱን ገልበጥ አደረገው። ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያም ከወዲያኛው ጥግ ሌላውን።

"አይጠ መጎጥ አይደለም" አለ። "የትንሿ አይጥ ነው። እይ፣ የኑግ ፍሬ ያህላል፤ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ። የአይጠ መጎጥ ኩስ የተምር ዘር ያህላል፤ ወፍራም ነው።"

"ታዲያ አይጥ አይጥ አይደለም?" አለ ካሳ። "ብዛቱን አታይም?"

"ብዛቱ ነው የሚያታልለው። ትንሿ አይጥ በየሄደችበት ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ሃምሳም ስልሳም። ይሄ ሁሉ የአምስት የስድስት አይጥ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። የምትበላው ደግሞ በቀን አንድ ቁንጥር። አይጠ መጎጥ ትንሽ ይጥላል፣ ብዙ ይበላል።"

መለሰ ጣልቃ ገባ። "የአይጠ መጎጥ ግልገሎችስ ቢሆኑ?"

"ጥሩ ጠየቅህ። የግልገል ኩስ ያሳስታል፤ ትንሽ ነው። ግን ግልገል ካለ እናት አለች፤ ትልቁም ትንሹም ተደባልቆ ይገኝ ነበር። ይሄ ሁሉ አንድ ልክ ነው።" ተነሥቶ ጆንያዎቹን ዞራቸው። "በሁለት ወር አራት ኩንታል የሚጨርስ አይጠ መጎጥ ቢኖር ሁለት ሦስት መቶ ነው። ግድግዳው ይበሳ ነበር፤ ጆንያው ይቀደድ ነበር። አንድ ቀዳዳ አላየሁም። በትንሿ አይጥ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሺህ ያስፈልግሃል፤ እግርህን የምታሳርፍበት ባጣህ ነበር።"

ካሳ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልጣመኝም። "ታዲያ አቶ መለሰ፣ አይጦችህ ስንዴውን በበቅሎ ጭነው ነው የሄዱት?"

በቅሎ ሲል አንድ በቅሎ ታወሰኝ። የምራቴ የበለጡ ወንድም ከከላላ በቅሎውን እየጎተተ በገበያ ቀን ሲመላለስ ከርሟል። ሲመጣ ባዶ፣ ሲመለስ ገለባ የተጫነ። ገለባ እንዲያ ያጎብጣል? አልጠየቅሁም። ሁለት ልጆቹን በሐምሌ ቀብሯል፤ የቀሩት ሁለቱም እንዳይከተሏቸው ነው ብዬ ዝም አልሁ። ግን ከአጥሩ ውጭ ያሉትስ የሰው ልጆች አይደሉም?

ጀብሪል አንዱን ፍርፋሪ በስንደዶው ጫነው፤ ዱቄት ሆነ። "ደርቋል። የሰነበተ ነው። ውስጡ ደግሞ የገብስ ገለባ አለበት። ይሄ መጋዘን ገብስ ገብቶበት ያውቃል?"

ዞሮ እኔን አየኝ።

"እማማ ወርቂቱ፣ ቤትዎ ገብስ አለ?"

"ለዘር የምትሆን ትንሽ አለች፣ ልጄ።"

"አይጥስ?"

"የለም! ድመት አለን።" ድመቲቱ ከመስከረም ወዲህ የት እንደ ገባች አይታወቅም።

"ላየው እችላለሁ?"

እምቢ ብል የባሰ ነው። ካሳ ነጭ ለባሾቹን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቀረ፤ ጀብሪል ተከትሎኝ ገባ። መለሰም ከኋላችን መጥቶ መቃኑን ተደግፎ ቆመ።

ጎታው ሥር ወለሉ ተጠርጎ ነጥቷል። ሌላው የቤቱ ጥግ ግን የዓመት አቧራ እንደ ለበሰ ነው። ጀብሪል ጎንበስ ብሎ ወለሉን መረመረ። ከዚያ በጣቱ አመለከተኝ። ሦስት ፍሬ፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልክ ኑግ።

"እነዚህ ከተጠረገ ወዲህ የወደቁ ናቸው" አለ ቀስ ብሎ። "እማማ፣ እኔ ያየሁትን መናገር አለብኝ። ውጭ ያሉትን ያያሉ አይደል?"

"እኔ ነኝ!" አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። "የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ወስጄ የበተንሁትም እኔ። እሱ አያውቅም።"

"አራቱን ኩንታልስ?"

"እሱንም እኔ!"

ጀብሪል ክንዴን አየው። በቀደም አንድ እንስራ ውኃ ማንሣት አቅቶኝ ልጆቹ የሳቁበትን ክንድ። አልሳቀም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"ተዪ እማዬ" አለ መለሰ።

"አንተ ዝም በል! እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል? የአንተ ልጆች ገና ናቸው። ጀብሪል፣ በእናትህ ይዤሃለሁ፣ እኔ ነኝ በላቸው።"

መለሰ ወደ ጓሮው በር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በታች ገደሉ ነው፤ ከገደሉ ወዲያ የከላላ መንገድ። ውጣ፣ ሩጥ፣ ልለው አፌን ስከፍት ዞሮ ወደ ጎታው መጣ።

ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ በጎታው ክዳን ላይ አኖረው። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ከዚያም በፊት ለፊቱ በር ወጥቶ ካሳ ወደ ቆመበት ሄደ።